ድምር ነጥቤ 1.71 ሆኖ ተሰናበትኩ፤ ለሬጅስትራር የምጽፈው አቤቱታ ምን ይምሰል?

ጽጌ ሲቪል

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የሁለተኛው ሴሚስተር ውጤት ሐምሌ 9 ቀን ሲለቀቅ በስሜ ትይዩ «አካዳሚክ ዲስሚሳል» የሚል አየሁ። ድምር ነጥቤ 1.71 ነው። የዩኒቨርሲቲያችን የሴኔት ሕግ ከ1.75 በታች የወረደ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይሰናበታል ይላል። አቤቱታ ማቅረቢያው አሥር የሥራ ቀን ነው።

ሚያዝያ ላይ ወባ በጣም አሞኝ ከካምፓሱ ክሊኒክ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ተልኬ ተኝቼ ነበር። ከወጣሁ በኋላም ለረጅም ጊዜ አቅም አልነበረኝም፤ የአምስቱንም ትምህርት የማጠቃለያ ፈተና ግን ተቀምጫለሁ። ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ያዘጋጀሁት ማመልከቻ ይህ ነው፦

«ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ዋና ሬጅስትራር። እኔ አመልካች ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የተገኘሁ ስሆን ወላጆቼ ከአፋቸው ነጥቀው አስተምረውኛል። በዚህ ሴሚስተር በደረሰብኝ ከባድ ሕመም ምክንያት ውጤቴ የወረደ ሲሆን፣ አንዳንድ መምህራንም በአግባቡ አላረሙልኝም። ስለዚህ በፈጣሪ ስም ሁኔታዬ ታይቶ፣ የዚህ ሴሚስተር ውጤት ተሰርዞልኝ ወይም ውጤቴ ተሻሽሎልኝ ወይም በድጋሚ ቅበላ እንድመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

የሆስፒታል ወረቀቴን፣ የቀበሌ የድህነት ማስረጃ እና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ላያይዝ አስቤያለሁ። ይበቃል ወይ? የሬጅስትራሩ ኃላፊ ጥሩ ሰው ናቸው ይባላል።

ሲኒየሩ

እህቴ፣ በሬጅስትራር በኩል አትሂጂ። እዚያ የሚሠሩት ማመልከቻ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ጻፊ፣ ለተማሪዎች ኅብረትም ግልባጭ አድርጊ። የሆስፒታል ማስረጃ ካለሽ ደግሞ ሴሚስተሩን በሙሉ ወደኋላ ሄደሽ በሕመም እንዳቋረጥሽ ማስቆጠር ትችያለሽ፤ ያኔ ውጤቱ በሙሉ ይሰረዛል። ከሁሉም በላይ ክሊራንስ እንዳትፈርሚ! ከፈረምሽ መሰናበቱን ተቀብለሻል ማለት ነው።

የቀድሞ መዝጋቢ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ረጅም ዘመን ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጄ፣ ማመልከቻሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስረሻቸዋል፤ እያንዳንዳቸው የሚወሰኑት ደግሞ በሌላ በሌላ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲገባ ጸሐፊዋ ለማን እንደምትመራው ግራ ይገባታል፣ መጨረሻው «በሕጉ መሠረት ተስተናግዷል» የሚል አጭር መልስ ይሆናል።

ሲኒየሩ ከተናገረው ውስጥ ግልባጭ ማድረግ ጥሩ ነው። ሴሚስተሩን ወደኋላ ማሰረዝ ግን አይሆንም። በሕመም ማቋረጥ የሚፈቀደው ፈተና ከመቀመጥሽ በፊት ጠይቀሽ ቅጹን ስትሞዪ ነው። አምስቱንም ፈተና ተቀምጠሻል። «ታምሜ ነበር፣ ውጤቴን ሰርዙልኝ» ስትዪ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ታዲያ ለምን ተፈተንሽ? ለዚህ መልስ ያለው ተማሪ አላጋጠመኝም።

ክሊራንስን በተመለከተ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ክሊራንስ ማለት የዶርም ቁልፍ፣ ፍራሽና የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መለስኩ ማለት እንጂ በውሳኔው ተስማማሁ ማለት አይደለም። ሳይጨርሱ ጠፍተው የሄዱ ልጆች በኋላ ድጋሚ ቅበላ ሲጠይቁ ፋይላቸው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። መታወቂያሽን ከመመለስሽ በፊት ፎቶ ኮፒ አንሺለት።

የድህነት ማስረጃውንና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን ተዪአቸው። አሁን የምፈልገው የአምስቱን ትምህርት ውጤት ከነክሬዲቱ ነው። እስከ ባለፈው ሴሚስተር የነበረሽን ድምርም ጨምሪ።

እማማ አስካለ

የኔ ልጅ አይዞሽ። የእኔም ልጅ አምና ይኸው ደርሶበታል፤ እሱ የመጀመሪያ ዓመት ነበር። አንድ ዘመድ «ከግል ክሊኒክ የሕመም ወረቀት አሠርቼ እሰጣችኋለሁ» ብሎ ሰጠን። ዩኒቨርሲቲው ለክሊኒኩ ደብዳቤ ጽፎ ጠየቀ፤ ካርድ ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ልጁ በውጤት መሰናበቱ ሳያንስ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ። እባክሽ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ እንዳትገቢ። ደግሞ ልጠይቅ፣ የሪሜዲያል ፈተና የወደቁትንም እንዲህ በማመልከቻ ይመልሳሉ ወይ?

የቀድሞ መዝጋቢ

እማማ፣ ስለ ልጅዎ አዝናለሁ። ሪሜዲያል ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ከምናወራው ጋር አይገናኝም፣ ለብቻው ቢጠይቁ ይሻላል። ስለ ወረቀቱ የነገሩን ግን ትልቅ ነገር ነው። ከውጭ የመጣ የሕክምና ማስረጃ ብዙ ጊዜ በተማሪዎች ክሊኒክ መረጋገጥ አለበት። የምናየውም ማኅተሙን ብቻ አይደለም። ክሊኒኩ ተማሪውን የላከበት የሪፈር ወረቀት መኖሩን፣ ካርድ ቁጥሩን፣ የገባበትና የወጣበት ቀን መጻፉን እናያለን። «በሕክምና ስትረዳ ቆይታለች» ብቻ የሚል ወረቀት ሕመሙ እውነት ቢሆንም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም ከየትኛው ፈተና ወይም ትምህርት ጋር እንደተጋጨ አይናገርም።

ጽጌ ሲቪል

ጋሼ መዝጋቢ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከ ባለፈው ሴሚስተር 52 ክሬዲት ወስጄ 103 ነጥብ ነበረኝ፤ ድምሩ 1.98 ነበር። የዚህኛው ሴሚስተር ውጤቴ፦ የግንባታ ማቴሪያል በ3 ክሬዲት ሲ፣ ሃይድሮሊክስ በ3 ክሬዲት ሲ ማይነስ፣ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ በ4 ክሬዲት ዲ፣ አፕላይድ ማቲማቲክስ በ3 ክሬዲት ኤፍ፣ ሰርቬይንግ በ4 ክሬዲት ኤፍ።

ሰርቬይንግ መጀመሪያ ሲለቀቅ ኤንጂ ይል ነበር። ከሳምንት በኋላ ስገባ ኤፍ ሆኖ አገኘሁት። መምህሩን ሳልጠይቅ የቀረሁት ያው ወድቄ ነው ብዬ ነው።

የቀድሞ መዝጋቢ

ይኸውልሽ። ከመጀመሪያ ይህን ብትጽፊ ኖሮ ማመልከቻው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ኤንጂ ማለት መምህሩ ውጤቱን ሙሉ አድርጎ አላስገባም ማለት ነው። በጊዜው ካልተስተካከለ ሲስተሙ ወይም ባለሙያው ወደ ኤፍ ይለውጠዋል። ስለዚህ ኤፍሽ ከፈተና ወረቀት የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ካልሞላ ሣጥን የመጣ ሊሆን ይችላል። የሰርቬይንግ ዝርዝር ነጥብሽን አምጪ። የሙከራ ፈተና ስንት፣ የቤት ሥራ ስንት፣ ማጠቃለያ ስንት፣ የመስክ ልምምድ ስንት?

ጽጌ ሲቪል

መምህሩ በቡድናችን ቴሌግራም የለጠፉት ዝርዝር አለኝ። የሙከራ ፈተና ከ20 አሥራ ሁለት፣ የቤት ሥራ ከ10 ሰባት፣ ማጠቃለያ ከ50 ሃያ ሰባት። የመስክ ልምምድ ከ20 የሚለው ቦታ ላይ ለእኔ ሰረዝ ነው ያለው።

የመስክ ልምምዱ ከሚያዝያ 20 እስከ 24 ነበር። ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበርኩ። ቡድናችን በቶታል ስቴሽን ከካምፓሱ በር እስከ ስታዲየሙ ያለውን ቀይሶ ሪፖርት አስገብቷል፣ አሥራ አምስት ተሰጥቷቸዋል፤ በየቀኑ የሚፈረምበት ወረቀት ላይ ግን የእኔ ስም የለም። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ለላብ ረዳቱ «ማካካሻ ልሥራ» ብዬ በቴሌግራም ጽፌለት ነበር። «ከመምህሩ ጋር ተነጋግሬ እነግርሻለሁ» አለኝ፣ ከዚያ ፈተና መጣ።

የቀድሞ መዝጋቢ

ልጄ፣ አቤቱታሽ ሰርቬይንግ ነው፤ ሌላ አቤቱታ የለሽም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

አሁን ባለው ውጤት የሴሚስተሩ ነጥብ፦ ከግንባታ ማቴሪያል 6፣ ከሃይድሮሊክስ 5.25፣ ከስትሬንግዝ 4፣ ከሁለቱ ኤፎች ዜሮ። በአጠቃላይ 15.25 ነው። ከ103 ጋር ሲደመር 118.25፤ ለ69 ክሬዲት ሲካፈል 1.71 ይሆናል። እስከዚህ ሬጅስትራሩ አልተሳሳተም።

አሁን የመስክ ልምምዱን ዜሮ አድርገን እንኳ የቀረውን ብንደምር 46 ይመጣል። 46 ደግሞ ሲ ማይነስ ነው፤ 1.75 በ4 ሲባዛ 7 ነጥብ። ድምርሽ 125.25 ይሆናል፣ ለ69 ሲካፈል 1.82። ከ1.75 በላይ ነሽ ማለት ነው። ማካካሻ ሠርተሽ እንደ ጓደኞችሽ አሥራ አምስት ብታገኚ ደግሞ 61፣ ሲ ፕላስ፤ ድምርሽ 1.86 ይደርሳል። መሰናበትሽ የተንጠለጠለው በአንድ ሰረዝ ላይ ነው።

እንግዲህ የሆስፒታል ወረቀትሽ ሥራውን እዚህ ይሠራል። «ታምሜ ስለነበር ደክሜአለሁ» ለማለት ካመጣሽው ማንም አያከራክርሽም፣ ማንም ደግሞ ምንም አያደርግልሽም። «ከሚያዝያ 20 እስከ 24 የመስክ ልምምድ ሲካሄድ እኔ በዚህ ካርድ ቁጥር ተኝቼ ነበር» ስትዪ ግን ቀን ከቀን ጋር ይገጥማል። የገባሽበትና የወጣሽበት ቀን ስንት ስንት ነው?

ጽጌ ሲቪል

ሚያዝያ 18 ገብቼ ሚያዝያ 26 ወጣሁ። የመውጫ ማጠቃለያው ላይ ተጽፏል። የካምፓሱ ክሊኒክ የላከበት ወረቀት ኮፒም አለኝ።

መምህር ዘሪሁን

እኔ ሰርቬይንግ አላስተምርም፤ ግን በምህንድስና ክፍል መምህር ስለሆንኩ ከዚህ በኩል ያለውን ልናገር።

የጋሼ መዝጋቢ ሂሳብ ልክ ነው፣ «ዜሮ ቢሆን እንኳ 46» የሚለው ግን ላያስኬድ ይችላል። በብዙ ዲፓርትመንት የመስክ ልምምድ ወይም ላብ ያልሠራ ተማሪ የሌላው ድምር ምንም ይሁን ምን ኮርሱን አላጠናቀቀም የሚባልበት አሠራር አለ። የኮርሱን መግለጫ አንብቢ፤ መጀመሪያው ሳምንት ላይ የተሰጣችሁ ወረቀት ነው። እንዲህ ከተጻፈ 46 ብለሽ ከተከራከርሽ ትሸነፊያለሽ። ያኔ መያዝ ያለብሽ «በቂ ምክንያት ስለነበረኝ ላላጠናቀቅሁት ክፍል ኢንኮምፕሊት እንጂ ኤፍ አይገባኝም ነበር» የሚለውን ነው።

ሌላው፣ ማመልከቻሽ ላይ «አንዳንድ መምህራን በአግባቡ አላረሙልኝም» የሚለውን አውጪው። የትኛው መምህር? የትኛው ወረቀት? ማስረጃ ከሌለሽ አትጻፊው፤ ጉዳይሽን የሚያየው የዲፓርትመንት ካውንስል ውስጥ የሚቀመጡት የእኔ ባልደረቦች ናቸው። ያ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ፊታቸው ይለወጣል። የሰርቬይንግ መምህሩ ምናልባት ሰረዙን ያደረገው አንቺን ለመጉዳት ሳይሆን ፊርማ ስላላገኘ ነው። የውጤት ማስተካከያ ቅጹን የሚሞላው እሱ ነው፤ የዲፓርትመንት ኃላፊውና ዲኑ ይፈርሙበታል፣ ከዚያ ሬጅስትራር ይሄዳል። እሱን ማስቀየም ምን ይጠቅማል?

ሲኒየሩ

እሺ፣ ስለ ክሊራንሱ ተምሬያለሁ። ግን መምህር፣ እናንተ ሁልጊዜ «መምህሩን አታስቀይሙ» ትላላችሁ። ተማሪዋ መልእክት ልካ መልስ ያልሰጣት የላብ ረዳቱ ነው። እሱ ለምን አይጠየቅም?

መምህር ዘሪሁን

ይጠየቅ። መልእክቱ ቀኑና ስሙ እንዲታይ ሆኖ ይታተምና ይያያዝ። አንድም የወቀሳ ቃል ሳትጨምር ካውንስሉ ራሱ ይጠይቀዋል። እሷ የጀመረችውን ወቀሳ ግን እሱ ተከላካይ ሆኖ ይመልስባታል።

የቀድሞ መዝጋቢ

መምህር በኮርሱ መግለጫ ጉዳይ አርመውኛል፤ ያንን እኔ አላየሁትም ነበር። ስለዚህ 46ን ዋና ክርክር ሳይሆን ሁለተኛ እናድርገው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለዲፓርትመንቱ ነው፤ ኤፉ ተነሥቶ ማካካሻ እንዲፈቀድ ይጠይቃል። ሁለተኛው ለሬጅስትራር ነው። እሱን «ውጤቴን ቀይር» አትበዪው፤ ውጤት የመቀየር ሥልጣን የለውም። ሬጅስትራር የመጣለትን ውጤት ይመዘግባል፣ የተማሪን ደረጃ ያሰላል። ስለዚህ የምትጠይቂው «ዲፓርትመንቱ እስኪወስን ድረስ የስንብት ውሳኔው እንዲቆይና ማስተካከያ ሲመጣ ደረጃዬ እንደገና እንዲሰላ» ብቻ ነው። ይህ በእጁ ያለ ነገር ነው።

ሁለቱም ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። ኮፒሽ ላይም ያንኑ ቁጥር አስጽፊ። አሥሩ ቀን ሲያልፍ «አልደረሰንም» የሚል ሰው ቢመጣ መልስሽ ያ ቁጥር ነው። ኃላፊው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽው እንዳትመጪ፤ ጥሩ ሰው ቢሆኑም።

ጽጌ ሲቪል

የኮርሱን መግለጫ አገኘሁት። «የመስክ ልምምድ ያላጠናቀቀ ተማሪ ኮርሱን እንዳጠናቀቀ አይቆጠርም» ይላል። መምህር ዘሪሁን ልክ ነበሩ።

ለዲፓርትመንቱ አዲስ የጻፍኩት ይህ ነው። እባካችሁ እዩልኝ፦

«ለሲቪል ምህንድስና ዲፓርትመንት። ግልባጭ፦ ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት፣ ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት፣ ለኮርሱ መምህር። ጉዳዩ፦ በሰርቬይንግ ኮርስ ያላጠናቀቅሁትን የመስክ ልምምድ በማካካሻ እንድሠራ ስለመጠየቅ።

ከላይ በተጠቀሰው ኮርስ የመስክ ልምምድ የተካሄደው ከሚያዝያ 20 እስከ 24 ነው። እኔ ከሚያዝያ 18 እስከ 26 ከዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ተልኬ በሪፈራል ሆስፒታል ተኝቼ ስታከም ነበር። በመሆኑም የመስክ ልምምድ ነጥብ አልተመዘገበልኝም፤ ውጤቴ በመጀመሪያ ኤንጂ፣ በኋላም ኤፍ ሆኗል። ሚያዝያ 29 ቀን ማካካሻ እንድሠራ ለላብ ረዳቱ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። በሌሎቹ የኮርሱ ክፍሎች ከ80 አርባ ስድስት አግኝቻለሁ።

ስለዚህ የተመዘገበው ኤፍ ተነሥቶ ኢንኮምፕሊት እንዲሆንልኝና ማካካሻ የመስክ ልምምድ እንድሠራ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። አባሪ፦ የክሊኒኩ የሪፈር ወረቀት፣ የሆስፒታሉ የመውጫ ማጠቃለያ፣ የኮርሱ ዝርዝር ነጥብ፣ ለላብ ረዳቱ የላክሁት መልእክት ቅጂ።»

የቀድሞ መዝጋቢ

አሁን ደብዳቤ ሆነ። የምጨምርልሽ አንድ ነገር የሆስፒታሉን ማጠቃለያ ከማያያዝሽ በፊት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ወስደሽ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም አስመቺበት። ዋናውን በእጅሽ አቆዪ፣ ሲጠይቁሽ ብቻ አሳዪያቸው። ሰው ዋናውን አያይዞ ፋይል ሲጠፋ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ባለፈው ሴሚስተር ድምርሽ 1.98 ነበር፤ ከ2 በታች። ያኔ ደረጃሽ ምን ተብሎ ነበር የተጻፈው? ፕሮቤሽን ከነበረ፣ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተከታታይ ፕሮቤሽን ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ነው። 1.86 ብትደርሺም በዚያ በር ሊያስወጡሽ ይችላሉ።

ጽጌ ሲቪል

ግሬድ ሪፖርቴ ላይ «ዋርኒንግ» ነው የሚለው። ፕሮቤሽን አይልም።

የቀድሞ መዝጋቢ

እንግዲያው ተነፈስኩ። ዋርኒንግ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፕሮቤሽን ውስጥ የሚቆጠር አይመስለኝም።

የጅማው ልጅ

ይቅርታ፣ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ በተማርኩበት ዋርኒንግ የተጻፈለት ልጅ በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደገና ከ2 በታች ሲሆን ተከታታይ ተብሎ ተቆጥሮበታል። ስሙ ቢለያይም አንቀጹ አንድ ነበር። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይዛችሁ ልጅቷን አታረጋጉ፤ የራሷን የሴኔት ሕግ አንቀጽ ታንብብ።

የቀድሞ መዝጋቢ

ልክ ነህ ወንድሜ። ቁጥሮቹም ስያሜዎቹም ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያሉ፤ በየጊዜውም ይሻሻላሉ። ጽጌ፣ የተማሪ ደረጃ የሚለውን ምዕራፍ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ፤ የገባሽበት ዓመት የሚሠራበትን ቅጂ መሆኑንም አረጋግጪ።

እማማ አስካለ

እንዲህ ከሆነ ለምን ለትምህርት ሚኒስቴር አትጽፍም? በልጄ ጊዜ ጎረቤታችን እዚያ ሂዱ ብሎን ነበር።

የቀድሞ መዝጋቢ

እማማ፣ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚክ ጉዳይ ለተቋሙ ለራሱ የሰጠ ነው። ሚኒስቴሩ የአንዲት ተማሪ ሰርቬይንግ ኤፍ ይሁን ሲ አይወስንም፤ ደብዳቤውን መልሶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይመራዋል። በውስጥ ያለው ደረጃ ሁሉ ተሟጦ መልስ የማይሰጥ ቢሮ ካጋጠማት ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ትችላለች። እነሱም የሚያዩት አስተዳደሩ በሥርዓቱ ሠርቷል ወይ የሚለውን ነው እንጂ ፈተና አያርሙም። ያ ገና ሩቅ ነው።

ጽጌ ሲቪል

የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለቱንም ደብዳቤ ሐምሌ 16 አስገባሁ፣ ቁጥር ተሰጠኝ። የክሊኒኩ ነርስ ማኅተም ለመምታት ትንሽ አስቸግራኝ ነበር፤ የሪፈር መዝገቡን ገልጣ ስሜን ሚያዝያ 18 ላይ ስታገኘው ግን ወዲያው መታችልኝ።

የሰርቬይንግ መምህሩን ቢሮው ሄጄ አገኘሁት። ተቆጥቶ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር፤ «ሆስፒታል እንደነበርሽ አላውቅም፣ ረዳቱም አልነገረኝም» አለኝ። ካውንስሉ ሐምሌ 23 ተሰብስቦ ኤፉ ወደ ኢንኮምፕሊት እንዲለወጥና በነሐሴ ከክረምት ተማሪዎች ጋር የመስክ ልምምዱን እንድሠራ ወስኗል። ቃለ ጉባኤው ለዲኑ ተመርቷል።

ሬጅስትራር ግን ስንብቱን አላነሣም። መስኮት ላይ ያለችው ባለሙያ «የውጤት ማስተካከያ ቅጹ ዲኑ ፈርሞበት ካልደረሰኝ ሲስተሙ ላይ ያለው ኤፍ ነው» አለችኝ። ስለ ዋርኒንጉ ጠየቅኋት፣ «እሱን ደረጃው እንደገና ሲሰላ እናየዋለን» አለች። የዋርኒንጉን አንቀጽ አነበብኩት፤ በሁለት መንገድ ሊተረጎም የሚችል ነው።

መምህር ዘሪሁን

ባለሙያዋ ልክ ናት። ቃለ ጉባኤ ቅጽ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጉዳይ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፦ ካውንስሉ ይወስናል፣ መምህሩ ለክረምት ይሄዳል፣ ቅጹን የሚሞላ ይጠፋል። መምህሩ ከከተማ ከመውጣቱ በፊት ቅጹን አስሞዪው። ኢንኮምፕሊት የሚለውን አሁን፣ የመጨረሻውን ውጤት ደግሞ ከመስክ ልምምዱ በኋላ፤ ሁለት ጊዜ ነው የሚሞላው።

የቀድሞ መዝጋቢ

ዲኑ ቢሮ ስትሄጂ የካውንስሉን ውሳኔ ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ይዘሽ ሂጂ፤ «ወስነውልኛል» ብቻ አትበዪ።

የድጋሚ ቅበላ ማመልከቻም ጎን ለጎን አዘጋጂ። በመስከረም የሚከፈት ከሆነ ቀኑን ጠይቂ፣ ለብቻው ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ከዚህኛው ጋር አትቀላቅዪው። የአቤቱታው መልስ ቢዘገይ ወይም ዋርኒንጉን እንደ ፕሮቤሽን ቢቆጥሩብሽ የሚቀርሽ እሱ ነው። ለእሱ ደግሞ የሆስፒታሉ ማስረጃ በሌላ መልኩ ያገለግልሻል፤ የወደቅሽው ትምህርት ከብዶሽ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ማቲማቲክሱን ግን በምንም መንገድ አታመልጪውም፣ ትደግሚዋለሽ። ስትደግሚው አሮጌው ኤፍ ከድምሩ ይውጣ አይውጣ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ይህም በየተቋሙ ይለያያል።

ሲኒየሩ

ጽጌ፣ በክረምት ቶታል ስቴሽኑ ብዙ ጊዜ ለውጭ ሥራ ይወጣል። የላብ ኃላፊውን ቀድመሽ አናግሪው። እኔ ያለ መሣሪያ ሦስት ቀን ጠብቄ አውቃለሁ።

ጽጌ ሲቪል

ነገ ጠዋት መጀመሪያ መምህሩ ጋ፣ ከዚያ ላብ እሄዳለሁ። ዲኑ እስከ ዓርብ ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ፤ ቅጹን ለጸሐፊያቸው ትቼ በገቢ መዝገብ ላይ ላስፈርም ወይስ እስኪመለሱ በእጄ ልያዘው?

የቀድሞ መዝጋቢ

መምህሩና የዲፓርትመንት ኃላፊው ከፈረሙበት ኮፒ አንሺና ለጸሐፊያቸው ስጪ፣ በመዝገብ አስፈርሚ። በእጅሽ ያለ ቅጽ እንደገባ አይቆጠርም።